የሚራመድ ሰንጋ አይሰባም

ጎረቤቴ በመታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አላት፤ እኛ ግን እትዬ ሜትር እንላታለን። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያ ስትወጣም ለቅሶ ስትደርስም አብሯት ነው። ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ወገቡን ነው፤ ከሰላምታ በፊት «ወፍረሃል» ወይም «ከስተሃል» ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት በገዛ ግቢዋ፣ ያውም በወገብ ጉዳይ መታለሏ ነው ይህን ሁሉ የሚያስወራኝ።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። የእኔንና የእሷን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ሲሆን፣ ወንበሬንና ሣጥኔን ዘርግቼ የምሠራው በመንገዱ በኩል፣ በረንዳዬ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊት የሚወጣና የሚገባውን ሁሉ አያለሁ። የኋላውን በር ግን አላይም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጣሪያ ነው። የእትዬ ሜትር ጣሪያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈሰው ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን፣ በደንበኞቿ ልብስ ላይ ነበር። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ጀርባው ላይ የዛገ ቆርቆሮ የሳለውን ካርታ ካየች በኋላ እትዬ ሜትር ወሰነች። የስፌት መኪናዋን ሸጣ በሬ ልትገዛ፣ አደልባ ለበዓል ልትሸጥ፣ መኪናዋን መልሳ ልትገዛና በትርፉ ጣሪያዋን ልታድስ። መኪናውን የገዛው የስፌት ቤት ባለቤት ነው። እሱም ሰው አይደለ፣ እሷኑ በቀን ሂሳብ ቀጥሮ በገዛ መኪናዋ ላይ አስቀመጣት።

«እስከ በዓሉ ዋዜማ ገንዘቡን ካመጣሽ መኪናው ያንቺ ነው፤ ከዋዜማው ካለፈ ግን የእኔ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» አላት።

«አልቀየምም። ዘይት ብቻ አጠጣው፤ ዘይት ሲጠማው ያኮርፋል» አለችው።

ባሏ ጋሼ ዘበኛው ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው በር ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የራሱን በር ይጠብቃል። ወንበሩን ደጃፉ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን ያዞራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ትልቅ ሰው፣ ትልቅ ሆድ፣ ትንሽ ድምፅ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ የከብት ደላላ ነው። እሱን ምላጭ እንለዋለን፤ የሚቆርጠውም በምላሱ ነው።

በሬውን ሊገዙ ሦስቱም አብረው ሄዱ። ጊዜው የእርሻ ሥራ ያለቀበት፣ ሣር የጠፋበት፣ ገበሬ ለበሬው መኖ ከሚገዛ በሬውን መሸጥ የሚመርጥበት ነበር። ያን ጊዜ ከብት ይረክሳል። ምላጭ አንድ ሞላ ያለ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ በሬ አሳያት።

«እትዬ፣ ይህን ውሰጂ። እይው፣ ምንም አይጎድለው።»

«ምንም ካልጎደለው እኔ ምን ልጨምርበት? የሰባ ገዝቶ የሰባ መሸጥ ትርፉ ገመዱን መጎተት ነው» አለችው።

የመረጠችው ዳር ላይ ብቻውን የቆመ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ገና ሁለት ጥርስ የቀየረ ቡሬ፣ ዥጉርጉር በሬ ነው። ጀርባው ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዓይኑ ንቁ ነበር። ቆዳውን በሁለት ጣቷ ጎትታ ለቀቀችውና «ልብሱ ሰፊ ነው፤ ገላው ገና አልሞላውም። የታመመ አይደለም፤ የተራበ ነው» አለች። ምላጭ ሳቀ። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ ተረተባት። እሷም ገደሉ ማን እንደሆነ ከጊዜ በኋላ እንደሚታይ ነገረችው።

ግቢዋ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ከእኔ ግድግዳ ጋር የተጣበቀች ዳስ ነገር ሠራችለት። ሽታውን ለእኔ መረቀችልኝ። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጠርታ የትል መድኃኒት አጠጣችው፤ «ሳይጣራ ማብላት ትሉን መቀለብ ነው» ትላለች። ከዚያ ጭድና ድርቆሽ፣ ከስንዴ ወፍጮ የሚወጣ ፉርሽካ፣ የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ፣ ጨው ጣል እያደረገች ትሰጠው ጀመር። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን ግን በአንዴ አልለቀቀችበትም፤ የተራበ ከብት ድንገት ካገኘ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። በጥቂቱ ጀምራ ቀስ እያለች ጨመረች። ውሃ ከፊቱ አይጠፋም። ደግሞ ስም እንዳይወጣለት በጥብቅ ከለከለች። «ስም ያለው ነገር አይሸጥም» አለች። ጋሼ ዘበኛው «እሺ» አለ፤ በማግስቱ በግድግዳው በኩል «ወዳጄ፣ ብላ እንጂ» ሲል ሰማሁት።

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ትለካው ነበር። አንድ ሜትር ስላልበቃው ሁለት ሜትሮችን በስፌት ቀጥላለች። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱን አዙራ ትይዝና ጫፉ የደረሰበት ላይ ቀይ ክር ታስራለች። በሬ ሲሰባ ደረቱ ይናገራል፤ ክሩም ይሄዳል። መጀመሪያ አካባቢ ክሩ እንደ ጉድ ሄደ። የተራበ ገላ መኖ ሲያገኝ እንዲያ ነው። ጎድኑ ተሸፈነ፤ ፀጉሩ ወዝ አወጣ። እትዬ ሜትር ከሥራ ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ቆም ብላ «ቆርቆሮዬ እንዴት ዋለ?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

ከዚያ ክሩ ቆመ።

አንድ እሑድ አልሄደም። በሚቀጥለውም አልሄደም። በሦስተኛው በሬው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ መጣች።

«አንተ፣ በሬዬን እያየህ አይደለም?»

«እትዬ፣ ግድግዳ አለ እኮ በመሃላችን። የማየው ሽታውን ብቻ ነው።»

«በግድግዳው ስንጥቅ ታያለህ። ዓይንህ ከባድ ነው፤ ከድሮም ጠርጥሬ ነበር።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይህን ነው። ተናደድኩ፤ ብናደድም ስንጥቁን በጭቃ ደፈንኩላት። በእርግጥ አንዳንዴ አይ ነበር፤ ግን ከብት የሚያከሳ ዓይን ቢኖረኝማ ሆዴን አይቼ በቀነስኩ ነበር። ክሩ ግን ጭራሽ አልተነቃነቀም። ሐኪሙን ደግማ ጠራች፤ በሬው ደህና ነው አላት። የፉርሽካ ነጋዴውን አሸዋ ቀላቅለህ ነው ብላ ተጣላችው። ፋጉሎ ጨመረች፤ በሬው እንደ ጉድ ይበላል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ክሩ እዚያው ነው። በዓሉ ደግሞ እየቀረበ ነበር። ስትስቅ የነበረች ሴት መሳቅ አቆመች። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ «መኪናዬን በልቶብኛል እኮ፤ መርፌዋን ሳይቀር አላምጦ ነው የበላብኝ» ስትል አንጀቴን በላችው።

ምላጭ ደግሞ ይመላለስ ጀመር። «እትዬ፣ ሳይብስ ልሽጥልሽ። አንዳንድ ከብት እድሉ ነው፤ አይሰባም» ይላታል። የሚሰጣት ዋጋ የገዛችበትን እንኳ አይሞላም።

ምስጢሩን ያወጣው የጋሼ ዘበኛው ሱሪ ነው። ያን ቀን እትዬ ሜትር ቀደም ብላ ከሥራ ስትመለስ ሱሪ በክንዷ ላይ ጥላ ነበር። «ሰውዬው ሱሪዬን አጥብቢልኝ አለኝ፤ እንግዲህ መኪና የለኝ በእጄ ልውጋው» እያለች ሜትሯን ሱሪው ወገብ ላይ ዘረጋች። ደግማ ለካች። ከዚያ ዓይኗ ወንበሬ ሥር ካለው ጫማ ላይ አረፈ።

«ይህ ጫማ የማን ነው?»

«የጋሼ ነው። ሶሉ አልቆ ነው ያመጣው።»

«ባለፈው ወር አልቀየርክለትም?»

«ቀይሬለታለሁ። ይኸው ደግሞ አልቋል።» ይህን ስል እኔም ነቃሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሶል በመቀመጥ አይጨርስም። እኔም ብሆን ሙያዬ ጫማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሶል ቀይሬ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ተቀብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ወንበሩ ባዶ ሲሆንም ሊያሸልብ ገባ እያልኩ ነበር።

እትዬ ሜትር ጫማውን በአንድ እጇ፣ ሱሪውን በሌላው ያዘች። «በሬው አይሰባም፤ ባሌ ይከሳል» አለች ቀስ ብላ። «ና፣ ተነሥ።»

በቤቷ አልፈን በኋላ በር ወጣን። ዳሱ ባዶ ነው። ከኋላ ያለው መንገድ ወደ ወንዙ ይወርድና ወደ ስንዴ ወፍጮው ይወጣል። ግንቡ ጥግ ቆመን ጠበቅን። ብዙም ሳንቆይ ጋሼ ዘበኛው ከቁልቁለቱ ብቅ አለ፤ ገመዱን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የቤት ጫማ ተጫምቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ከኋላው ቡሬው፤ አንገቱን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ወታደር እየረገጠ። አንድ ጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው አለፈ፤ በሬው ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

እጅ ከፍንጅ ነው።

«የት ነበራችሁ?» አለች። ለሁለቱም ነው የተናገረችው።

«ትንሽ አየር…» አለ ጋሼ።

«ሰንጋ አየር አይበላም! የሚደልብ ከብት ታስሮ ቆሞ ነው የሚበላው። እኔ በፉርሽካ ሳስገባ አንተ በእግሩ ታስወጣዋለህ? በየቀኑ?»

«ከእሑድ በስተቀር» አለ። እሑድ እሷ ቤት ስለምትውል መሆኑ ነው።

እንግዲህ የጠበቅኩት ጠብ ነበር፤ ለጠብ ደግሞ ተመቻችቼ ቆሜ ነበር። ጋሼ ግን ገመዱን ይዞ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ሐኪም ቤት ስኳር አለብህ ብለውታል። ካልተራመድክ እግርህን ታጣዋለህ ብለውታል። ለእሷ አልነገራትም፤ መኪናዋን የሸጠችበት ሰሞን ነበርና ቆርቆሮውን ትታ መድኃኒት ትገዛለች ብሎ ፈራ።

«መራመድ ካለብህ ለምን ብቻህን አትራመድም፣ አንተ ሰውዬ?»

«ብቻዬን?» አለ፤ የምር ገርሞታል። «የት ልሄድ ነው ይሉኛል? ሥራ የሌለው ሰው ዝም ብሎ ሽቅብ ቁልቁል ሲል አበደ ነው የሚባለው። በሬ ከያዝኩ ግን ማንም አይጠይቀኝም። በሬ የያዘ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

እትዬ ሜትር ገመዱን ከእጁ ተቀበለች፤ በሬውን ዳሱ ውስጥ አሰረችው፤ ከዚያ የባሏን ሆድ በሜትሩ ዞራ ለካችና ሌላ ቀይ ክር አሰረች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ እንደነበር እኔ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ከባድ ነው አላለችም?

አንዱ መቆም፣ ሌላው መራመድ አለበት። ሁለቱ የግድ በአንድ ገመድ መታሰር የለባቸውም። ከማግስቱ ጀምሮ የሰፈራችንን ፉርሽካ ነጋዴ ተወችና ጋሼን ወንዙን ተሻግሮ ወዳለው ወፍጮ ላከችው። የምታስመጣው የአንድ ቀን ፉርሽካ ብቻ ነው፤ በትንሽ ከረጢት።

«እትዬ፣ አንድ ኩንታል በጋሪ ብታስመጪ አይቀልም?» አልኳት፤ ሞኝ ለመምሰል።

«ፉርሽካ ሲያድር ይሻግታል» አለችኝ ፊቷ ሳይፈታ። ሰፈሩ በሙሉ «ይህች ሴት ንፉግ ናት፣ ለጋሪ ላለመክፈል ሽማግሌ ታሸክማለች» ብሎ አማት። ስሟን ለባሏ እግር ከፈለች ማለት ነው። ጋሼም ከረጢቱን ይዞ ሲያልፍ ለሚጠይቀው ሁሉ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ቡሬው ቆሞ ይበላል፤ ተኝቶ ያመነዥካል። በየእሑዱ ሁለት ልኬት ሆነ፤ አንዱ ክር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ። በሬው የዘገየበትን ሊያካክስ ይመስል ነጎደ፤ ሻኛው ቆመ፤ ጭራው ሥር በእጅ ሲጫኑት ለስላሳ ሆነ።

በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ምላጭ መጣ። «ዛሬ ሽጪ። በመኪና የተጫነ ከብት ነገ ይገባል፤ ዋጋው ይወድቃል» አላት። እሷ ግን የበዓል ገበያን ጠባይ ጠይቃ አውቃለች፤ ዋጋው እስከ ዋዜማው ጠዋት ይወጣል፤ ከዋዜማው ቀትር በኋላ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ የማይፈልግ ሁሉ ስለሚጥለው ይወርዳል። ዋዜማው ደግሞ የመኪናዋም የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ በዋዜማው ማለዳ ወጣን። ሣጥኔን ዘግቼ እኔም ተከተልኩ፤ ይህ እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም።

ገበያው በከብትና በአቧራ ታፍኗል። መጀመሪያ አንድ ሰው መጣ፣ በሬውን ዳበሰ፣ ዋጋ ጠራ፤ ትንሽ ነው። ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ከእሱ ያነሰ ጠራ። ሦስተኛው ጭራሽ አወረደው፤ «ዛሬ ከብት በዝቷል እናቴ፤ ይህንንም የምሰጥሽ አዝኜልሽ ነው» አለ። ጋሼ ፊቱ ገረጣ። እኔም ጣሪያው ሲያፈስ ታየኝ። እትዬ ሜትር ግን የሰውየውን ክርን ትክ ብላ ታያለች።

«ይህን ጃኬት ከየት አመጣኸው?»

«ምን?»

«ክርኑ ላይ ያለውን እራፊ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቡኒ ክር አጥቼ በአረንጓዴ ነው የሰፋሁት። የባሌ ወንድም ጃኬት ነው። ሂድና እትዬ አወቀችኝ በለው።»

ከከብቱ መሃል የምላጭ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። ሦስቱንም የላካቸው እሱ ነበር፤ ተስፋ አስቆርጦ በርካሽ ሊወስድ። ደላላ ዋጋ የሚሰብረው እንዲህ ነው፤ ግን ልብስ ሰፊ ለመሸወድ ሰው ራቁቱን ነው መላክ ያለበት።

ፀሐይ ከፍ ስትል አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት መጣች። እሷስ ታውቃለች፤ ጭራው ሥር ጫን አደረገች፣ የብብቱን እጥፋት ጨበጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። ዋጋ ላይ ግን አልተስማሙም። ሊለያዩ ሲሉ አንድ ጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ገበያው መሃል ገባ። ከብቱ ተደናበረ፤ ገመድ ተበጠሰ፤ ሰው እየጮኸ ተበታተነ። ቡሬው ያመነዥካል። መኪናው ሊነካው ሲደርስ ቀና ብሎ አየውና ማመንዠኩን ቀጠለ።

ሴትዮዋ ከተደበቀችበት ወጣች። «ባለፈው በዓል የገዛሁት መንገድ ላይ ደንብሮ የምግብ ቤቴን መስታወት ይዞት ገባ» አለች። «ይህን ማን ነው እንዲህ የገራው?»

እትዬ ሜትር ባሏን አየችው። «ባለሙያ ቀጥሬለት ነው» አለች፤ ዋጋውንም ከፍ አድርጋ ያዘች። ሴትዮዋ ከፈለች። የገዛችበትን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ መኖውና ሐኪሙ ተቀንሶም መኪናው ተመልሶ ግማሽ ጣሪያ ይተርፋል። ገንዘቡ እጇ ከገባ በኋላ ምላጭ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ «እንዴት አሸጥኩልሽ?» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኮሚሽን ሲጠይቃት «የእራፊውን ዋጋ ምሬሃለሁ» አለችው።

በሬው ግን ለሴትዮዋ ሠራተኛ አልሄድ አለ። ጋሼ ገመዱን ሲይዝ ብቻ ተነሣ። ስለዚህ ጋሼ ራሱ አደረሰው። እትዬ ሜትር ወደ ስፌት ቤቱ እየሮጠች ሄደች፤ የሱቁ ባለቤት በር ሲዘጋ ደረሰችና መኪናዋን በጋሪ ጭና መጣች። ጋሼ የተመለሰው ከእሷ በኋላ ነው፤ ባዶ ገመድ ይዞ። «ደህና ግባ ወዳጄ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ» አለና ገመዱን ምስማር ላይ ሰቀለው።

ከበዓሉ በኋላ መኪናው በግድግዳው ማዶ ይጮህ ጀመር፤ ጣሪያውም በእኛ በኩል ያለው ተጠገነ። ጋሼ ዘበኛው ግን ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በሬ የለ፣ ፉርሽካ የለ፣ የት ይሂድ? ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን ያዞራል። እሑድ ስትለካው ቀዩ ክር ወደ ፊት ሄዶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሜትር ገመዱን ከምስማሩ አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ሂድና በሬ ፈልግ» አለችው።

«ገንዘቡስ?»

«እስክታገኝ እኔ በመኪናዬ አጠራቅማለሁ። ግን ሳትመርጥ እንዳትገዛ። ልብሱ ሰፊ የሆነ ፈልግ። የወንዝ ማዶውን ገበያም እይ፣ በየመንደሩም ጠይቅ፣ ማታ ዋጋውን ንገረኝ።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ገመዱን በትከሻው ጥሎ በፊት ለፊት በር ይወጣል። ሰው ሁሉ «እንዴት ነው ጋሼ፣ ተገኘ?» ይለዋል። «እየፈለግኩ ነው፤ ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ማታ ሲመለስ አንዱ ጥርሱ ያረጀ፣ አንዱ ደረቱ ጠባብ፣ አንዱ ዋጋው የማይቀመስ ሆኖበታል። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሷም አትጠይቀውም።

ባለፈው ምላጭ መጥቶ «እትዬ፣ ወንድሜ ከብት መምረጥ አይችልም። ይህን ያህል ጊዜ በባዶ ገመድ ምን ይሠራል? እኔ በአንድ ቀን እገዛልሻለሁ፤ ጊዜሽን እያከሰረሽ ነው» አላት።

እትዬ ሜትር መኪናዋን አላቆመችም። የጋሼን ሱሪ ወገብ እያጠበበች ነበር፤ በዚህ ወር ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

«ተወው» አለችው። «በዚህኛው የምናተርፈው ሲቀንስ ነው።»